አራት ስም ተደርድሮ ሲመጣ፦ በዕብራይስጥ ዋናውን ስም እንዴት እንለያለን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤታችን ከልጇ ትምህርት ቤት የተላከ ደብዳቤ ይዛ መጣች። እስራኤል ከገባች ገና ብዙ አልቆየችም፤ ዕብራይስጥ ማንበብ ያስቸግራታል። እኔ ደግሞ ለአዲስ ገቢዎች የሚሰጠውን የዕብራይስጥ ትምህርት፣ ኡልፓንን፣ ጨርሻለሁ ብዬ በራሴ ተማምኜ ነበር። ደብዳቤው ላይ «ፕጊሻ ዒም መናሄሌት ቤት ሃ-ሴፈር ሄ-ሐዳሽ» ይላል። ፈጠን ብዬ «ከአዲሷ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ጋር ስብሰባ አለሽ» አልኳት። እሷም ልጇ ሲማርበት ወደኖረው ትምህርት ቤት ሄደች። ስብሰባው ግን እዚያ አልነበረም። ልጁ በሚቀጥለው ዓመት የሚዛወርበት አዲሱ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። አዲስ የሆነችው ርእሰ መምህርቷ አልነበረችም፤ ትምህርት ቤቱ ነው።

ስህተቱ የእኔ ነበር፤ ምልክቱ ደግሞ ዓይኔ ሥር ነበር። «ሐዳሽ» የወንድ ቅጽል ነው። «መናሄሌት» ሴት ናት። ሁለቱ አይገጥሙም። ያንን ባየሁ ኖሮ ያቺ ሴት ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ አትሄድም ነበር። ከዚያ በኋላ ስሞች ተደርድረው ሳይ የምከተለውን አካሄድ እነሆ።

ከመጀመራችን በፊት ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር ልበል። የዕብራይስጡን ቃል በፊደላችን እጽፋለሁ። «ሐ» ስጽፍ የዕብራይስጧን ሔት ማለቴ ነው፤ ዛሬ እስራኤል ውስጥ አብዛኛው ሰው እንደ «ኸ» ነው የሚጠራት። «ሃ-» ብዬ በጭረት የለየኋት ደግሞ ስሙን እርግጠኛ የምታደርገው ቅጥያ ናት፤ በአማርኛ «ቤቱ» ስንል መጨረሻ ላይ የምናመጣትን «ኡ» ዕብራይስጥ ከፊት ያስቀምጣታል። አንዳንዴ «ሄ-» ትሆናለች፤ ያው ናት።

መነሻው፦ ግዕዙን አስታውሱ

ይህ የስም ድርድር በዕብራይስጥ «ስሚኹት» ይባላል። ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። «ቤተ መንግሥት» ስንል ያደረግነው ይህንኑ ነው። «ቤት» ወደ «ቤተ» ተለወጠ፤ ከኋላው «መንግሥት» ተከተለው። የሚወራው ስለ ቤት ነው፤ «መንግሥት» የሚለው ቤቱ የማን እንደሆነ ይነግረናል። ዕብራይስጥም «ባይት» የሚለውን ቃል ወደ «ቤት» ለውጦ ከኋላው «ሴፈር» (መጽሐፍ) ያስከትላል፤ «ቤት ሴፈር» ትምህርት ቤት ይሆናል።

ዋናው ስም የመጀመሪያው ነው። ተከታዮቹ ዘርፎች ናቸው፤ የማን ወይም የምን እንደሆነ ይናገራሉ።

የሚያሳስተን አማርኛው ነው። «የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ቢሮ» ስንል ዋናው ስም መጨረሻ ላይ ነው፤ ስለ ቢሮ ነው የምናወራው። ስለዚህ ሐሳባችን በአማርኛ እየሄደ ዕብራይስጥ ስናነብ፣ መጨረሻ የሰማነውን ስም ዋና አድርገን እንይዛለን። ግዕዙን ይዘን ብንነሳ ግን ቅደም ተከተሉ ይገጥማል። «ሊቀ ጳጳሳት» ሲበዛ «ሊቃነ ጳጳሳት» እንደሚሆን አስቡ፤ የሚበዛው ሊቁ ስለሆነ ለውጡ ፊት ላይ ነው። በዕብራይስጥም «ቤት ሴፈር» ሲበዛ «ባቴ ሴፈር» ነው የሚሆነው። «ሴፈር» አይነካም።

አንደኛ፦ ድርድሩ የት እንደሚያልቅ ፈልጉ

ሰው ወዲያው ዋናውን ስም ለመያዝ ይቸኩላል። እኔ መጀመሪያ መጨረሻውን ነው የምፈልገው። ድርድሩ የት እንደሚቆም ካላወቃችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ቅጽል የማን እንደሆነ አታውቁም።

ይህን እንይ፦

«ሊሽካት መናሄል ቤት ሃ-ሴፈር»

ሊሽካ ቢሮ ነው። መናሄል ኃላፊ ወይም ርእሰ መምህር ነው። ቤት እና ሴፈርን አይተናል። አራት ስም አለ። «ሃ-» ያለችው አንዴ ብቻ፣ አራተኛው ስም ላይ ነው። ይህች «ሃ-» ሁለት ሥራ ትሠራለች። ድርድሩ እዚህ ማለቁን ታሳውቃለች፤ በዚያው ደግሞ አራቱንም እርግጠኛ ታደርጋለች። ትርጉሙ «የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ቢሮ» ነው። የትኛውም ቢሮ፣ የትኛውም ርእሰ መምህር ማለት አይደለም። ሁሉም የታወቁ ናቸው፤ «ሃ-» ግን አንዴ ብቻ ተጻፈች።

መንገድ ላይ ሰው «ሃ-ቤት ሴፈር» ሲል ትሰማላችሁ። በንግግር በጣም የተለመደ ነው፤ ማንም አይገረምም። በጽሑፍ ግን ትክክለኛው «ቤት ሃ-ሴፈር» ነው፤ ፈተና ላይም የሚጠበቀው ይኸው ነው።

«ሃ-» ከሌለች ድርድሩን የሚዘጋው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ የሰው ወይም የአገር ስም ነው። ሌላው «የእኔ»፣ «የእሱ» የሚል ቅጥያ የያዘ ስም ነው። ይህም ባይኖር ቅርጹን ያልለወጠ ስም ታገኛላችሁ።

ስለ ቅርጽ ካነሳን፣ ዘርፍ የሚያስከትል ስም ብዙ ጊዜ መልኩን ይቀይራል። በ«አ» የሚያልቅ የሴት ስም «ት» ይጨምራል፤ ሊሽካ ሊሽካት ይሆናል። በ«ኢም» የሚያልቅ ብዙ ቁጥር «ኤ» ይሆናል፤ ያሚም (ቀናት) የሜ ይሆናል። ነገር ግን «መናሄል» ምንም አልተለወጠም፤ ብቻውን ቢቆምም ዘርፍ ቢያስከትልም ያው ነው። በግዕዝ «ቤት» ሁልጊዜ «ቤተ» እያለ ያሳውቀናል፤ ዕብራይስጥ እንዲህ ያለ ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ ቅርጹን እንደ ፍንጭ ያዙት እንጂ በእሱ ብቻ አትፍረዱ።

ሁለተኛ፦ ከኋላ ወደ ፊት በ«የ» አንብቡት

መጨረሻውን ካገኛችሁ ከዚያ ተነስታችሁ ወደ ፊት ተመለሱ፤ እያንዳንዱን እርከን በአማርኛ «የ» እያሰራችሁ። በኦሪት ዘፍጥረት 47፥9 ያዕቆብ ፈርዖን ፊት ቆሞ ዕድሜውን ይናገራል። መቶ ሠላሳ ዓመት ነው ይላል። ከዚያ የእሱ ዘመን ከአባቶቹ ጋር እንደማይተካከል ሲገልጽ ይህን ሐረግ ይጠቀማል፦

«የሜ ሽኔ ሐዬ አቮታይ»

መጨረሻው «አቮታይ» ነው፤ አባቶቼ። «የእኔ» የሚለውን ቅጥያ ስለያዘ ድርድሩን ይዘጋዋል። አሁን ወደ ፊት እንመለስ። «ሐዬ» ከሐዪም ነው፤ ሕይወት። ስለዚህ የአባቶቼ ሕይወት። «ሽኔ» ከሻኒም ነው፤ ዓመታት። የአባቶቼ ሕይወት ዓመታት። «የሜ» ከያሚም ነው፤ ቀናት። የአባቶቼ ሕይወት ዓመታት ቀናት።

በአማርኛ መጨረሻ ላይ የደረስንበት ቃል «ቀናት» ነው፤ በዕብራይስጥ መጀመሪያ የተጻፈውም እሱ ነው። አንዱ የሌላው መስታወት ነው። ዋናው ስም ይኸው ነው።

መሀል ያሉትንም አትርሷቸው። «ሽኔ» ለ«የሜ» ዘርፍ ነው፤ ለ«ሐዬ» ግን ራሱ ዋና ነው። እያንዳንዱ ስም ለፊተኛው ዘርፍ፣ ለኋለኛው ዋና ነው። የሙሉ ሐረጉ ዋና ግን አንድ ብቻ ነው፤ ከፊቱ ማንም የሌለው።

ሦስተኛ፦ በግሡና በቅጽሉ አረጋግጡ

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ይገባል፤ እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ነው።

በዕብራይስጥ ቅጽል ከስሙ በኋላ ይመጣል፤ በጾታና በቁጥርም ከስሙ ጋር ይስማማል። ስሞቹ ሲደረደሩ ግን በመሀላቸው ቅጽል መግባት አይችልም። ስለዚህ የማንም ይሁን የማን፣ ቅጽሉ ድርድሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይቀመጣል። አጠገቡ ያለው ስም የመጨረሻው ነው፤ የሚገልጸው ግን የመጀመሪያውን ሊሆን ይችላል።

መጽሐፈ አስቴር 8፥15 ላይ መርዶክዮስ ከንጉሡ ፊት ሲወጣ «ዐቴሬት ዛሃቭ ገዶላ» አድርጎ ነበር ይላል። ዐታራ ዘውድ ናት፣ ሴት ስም። ዛሃቭ ወርቅ ነው፣ የወንድ ስም። «ገዶላ» የሴት ቅጽል ነው፤ ትልቅ። ከወርቅ ጋር ተለጥፋ ብትቀመጥም የምትስማማው ከዘውዷ ጋር ነው። ትልቅ የወርቅ ዘውድ።

አሁን ወደ ቢሯችን እንመለስ። መጨረሻ ላይ የሴቱን ቅጽል ብናደርግ፦

«ሊሽካት መናሄል ቤት ሃ-ሴፈር ሃ-ሐዳሻ»

ከአራቱ ሴት ስም አንድ ብቻ ናት፤ ሊሽካ። ስለዚህ አዲስ የሆነው ቢሮው ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። የወንዱን ብናደርግስ?

«ሊሽካት መናሄል ቤት ሃ-ሴፈር ሄ-ሐዳሽ»

ቢሮው ወዲያው ከውድድሩ ወጣ። የቀሩት ሦስት የወንድ ስሞች ናቸው። «ሴፈር» ለብቻው አይቆጠርም፤ ቤት ሴፈር አንድ ነገር ስለሆነ «የአዲሱ መጽሐፍ ቤት» ብሎ የሚያስብ የለም። ስለዚህ ሁለት ንባብ ይቀራል፤ ወይ ርእሰ መምህሩ አዲስ ነው፣ ወይ ትምህርት ቤቱ። ሰዋስው ከዚህ በላይ አይወስደንም።

ግሡም እንዲሁ ይመሰክራል። «ሊሽካት መናሄል ቤት ሃ-ሴፈር ኒስገራ» ቢል፣ ኒስገራ «ተዘጋች» ነው። የተዘጋው ቢሮው ነው፤ ትምህርት ቤቱ አልተዘጋም። ልጃችሁ ነገ ይማራል።

ያዕቆብ ስለ ራሱ ዕድሜ በተናገረው ላይም ይህን መሞከር ይቻላል። «ራዒም ሃዩ የሜ ሽኔ ሐያይ» ይላል፤ የሕይወቴ ዓመታት ቀናት ክፉዎች ነበሩ። «ራዒም» የወንድ ብዙ ቁጥር ነው። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። «ሻኒም» በ«ኢም» ስለሚያልቅ ወንድ ይመስላል፤ ነጠላው ግን «ሻና» ነው፣ ሴት ስም። ቅጽሉ የዓመታቱ ቢሆን «ራዖት» ይል ነበር። ስለዚህ ዓመታቱ ወጡ። ቀናትና ሕይወት ሁለቱም የወንድ ብዙ ቁጥር ስለሆኑ በስምምነት ብቻ አይለዩም፤ በሁለተኛው እርምጃ ያገኘነው ቅደም ተከተል ነው የሚለያቸው። የስምን ጾታ ከብዙ ቁጥሩ ጭራ አትውሰዱ። ነጠላውን ፈልጉ፤ ካልሆነም መዝገበ ቃላት ክፈቱ።

አራተኛ፦ ሰዋስው ዝም ሲል ከጽሑፉ ውስጥ ማስረጃ ፈልጉ

ሁለቱም ስሞች በጾታና በቁጥር አንድ ከሆኑ ቅጽሉ ምንም አይነግረንም። በዘፍጥረት 10፥21 ላይ ሴም «አሒ ዬፌት ሃ-ጋዶል» ተብሏል። አሒ «ወንድም» ነው፤ ዬፌት ያፌት ነው፤ ጋዶል «ታላቅ» ነው። ታላቅ የሆነው ማን ነው? «የያፌት ታላቅ ወንድም» ካልን ሴም ይበልጣል። «የታላቁ የያፌት ወንድም» ካልን ያፌት ይበልጣል። ሁለቱም ወንድ፣ ሁለቱም ነጠላ። ዕብራይስጡ ሁለቱንም ይፈቅዳል። የጥንቱ የግሪክ ትርጉም፣ ሰብዓ ሊቃናት የሚባለው፣ ቅጽሉን ለያፌት ሰጥቶታል።

በ11ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳይ የኖረው ተንታኝ ራሺም ከዚህ ቃል ብቻ ማን ታላቅ እንደሆነ እንደማይታወቅ ጽፎ፣ መልሱን ከቁጥር አወጣ። እኛም እንሥራው። ምዕራፍ 5፥32 ኖኅ 500 ዓመት ሲሆነው ልጆች ወለደ ይላል። ምዕራፍ 7፥6 የጥፋት ውኃ ሲመጣ ኖኅ 600 ዓመቱ ነበር። ምዕራፍ 11፥10 ከውኃው ሁለት ዓመት በኋላ ሴም 100 ዓመቱ ነበር። ያን ጊዜ ኖኅ 602 ነው፤ ስለዚህ ሴም ሲወለድ አባቱ 502 ነበር። የመጀመሪያው ልጅ ግን በ500 ተወልዷል። ሴም በኩር አይደለም ማለት ነው። ካም ደግሞ በ9፥24 «ታናሹ ልጅ» ተብሏል። የሚቀረው ያፌት ነው።

በዚህ ስሌት «ሃ-ጋዶል» ለዘርፉ፣ ለያፌት ነው። የሐረጉ ዋና ስም ግን አሁንም «አሒ» ነው፤ የሚወራው ስለ ወንድሙ ስለ ሴም ነው። ቅጽሉ ማንን ይገልጻል የሚለው ጥያቄና ዋናው ስም ማን ነው የሚለው ጥያቄ የተለያዩ ናቸው። ብዙ ተማሪ አንዱን ሲመልስ ሁለተኛውንም የመለሰ ይመስለዋል።

አምስተኛ፦ ከሚያሳስቱት ተጠንቀቁ

አንደኛው «ኮል» ነው፤ «ሁሉ»። በድርድር ውስጥ ቅርጹ እንደ ዋና ስም ነው፤ ግሡ ግን ብዙ ጊዜ ዘልሎት ከኋለኛው ጋር ይስማማል። መዝሙር 150 የሚዘጋው «ኮል ሃ-ነሻማ ተሃሌል ያህ» ብሎ ነው። ነሻማ እስትንፋስ ናት፣ ሴት ስም። «ተሃሌል» ደግሞ የሴት ግሥ ነው፤ ታመስግን። ግሡ የታዘዘው በእስትንፋስ ነው። በዛሬው ዕብራይስጥም «ሮቭ ሃ-አናሺም ሖሽቪም» ይባላል፤ አብዛኞቹ ሰዎች ያስባሉ። «ሮቭ» ነጠላ ነው፤ ግሡ ግን ብዙ ቁጥር ነው፣ ከሰዎቹ ጋር። መጠን የሚናገር ቃል ፊት ላይ ካያችሁ ግሡን እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት።

ከመጠን ቃል ውጭም አልፎ አልፎ ይህ ይከሰታል። በ1ኛ ሳሙኤል 2፥4 በሐና ጸሎት ውስጥ «ቄሼት ጊቦሪም ሐቲም» ይላል። ቄሼት ቀስት ናት፣ ነጠላ፣ ሴት። ሐቲም ግን የወንድ ብዙ ቁጥር ነው፤ ከኃያላኑ ጋር ገጠመ። በግጥም ውስጥ እንዲህ ያለ ሲገጥማችሁ ሕጉን አፍርሳችሁ አትጣሉት። ቅደም ተከተሉ አሁንም ቀስቷን ዋና ያደርጋታል፤ ገጣሚው ግን ልቡ ኃያላኑ ጋ ነው።

ሌላው የ«የእኔ» ቅጥያ ነው። መዝሙር 2፥6 ላይ «ሃር ቆድሺ» አለ። ቃል በቃል «የቅድስናዬ ተራራ» ይመስላል፤ ቅጥያው ቅድስና ላይ ነውና። ትርጉሙ ግን «ቅዱስ ተራራዬ» ነው። ቅጥያ ልክ እንደ «ሃ-» የሚለጠፈው መጨረሻው ስም ላይ ነው፤ የሚያገለግለው ግን ሙሉውን ሐረግ ነው።

ራሳችሁ ስትጽፉ

እስካሁን ያልነው ለማንበብ ነው። ስትጽፉ አንባቢውን ማስጨነቅ የለባችሁም። ከሦስት ስም በላይ መደርደር ዛሬ ከባድ ይመስላል፤ ቅጽል ሲጨመርበት ደግሞ ይምታታል። መፍትሔው «ሼል» ነው፤ የእኛን «የ» የመሰለ ቃል። «ሼል» ድርድሩን ስለሚሰብረው ቅጽሉ ከባለቤቱ አጠገብ መቀመጥ ይችላል። አዲስ የሆነው ርእሰ መምህሩ ከሆነ «ሃ-መናሄል ሄ-ሐዳሽ ሼል ቤት ሃ-ሴፈር» ትላላችሁ። ትምህርት ቤቱ ከሆነ «ሃ-መናሄል ሼል ቤት ሃ-ሴፈር ሄ-ሐዳሽ»። «ሃ-» አሁን በሁለት ስሞች ላይ እንደመጣች አስተውሉ፤ ድርድሩ ስለተከፈለ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ይዟል።

ያ ደብዳቤ «ሃ-መናሄሌት ሼል ቤት ሃ-ሴፈር ሄ-ሐዳሽ» ብሎ ቢሆን ኖሮ እኔም አልሳሳትም ነበር። እንደተጻፈውም ግን በቂ ነበር። መናሄሌት ሴት ናት፤ ሐዳሽ ወንድ ነው።